ሰዕድ የተኛበት ደረጃ

«የመብራት ቆጣሪው ከበሩ ኋላ ነው» አለች መፍቱሃ፣ ሰማያዊውን የፕላስቲክ ሽፋን ጫማዋ ላይ እየሳበች። ባሏ አብዱልሃዲ በሩን ገፋ አድርጎ አየ። እውነትም እዚያው ነበር።

ቤቱ ውስጥ ገብታ አታውቅም። ሆልምሊያ ሰፈር ያሉት እነዚህ ግድግዳ የሚጋሩ ቤቶች ግን አንዱ የሌላው ግልባጭ ናቸው፤ ወንድሟ ሰዕድ የኖረው ደግሞ እዚሁ መስመር ላይ፣ ጥቂት በር አለፍ ብሎ ነው። ከሞተ ሁለት ክረምት አልፏል። ቤቱም ወዲያው ተሽጦ አሁን ደጁ ላይ የማታውቃቸው ሰዎች ብስክሌት ቆሟል።

እሑድ ስለሆነ ቪስኒንጉ ላይ፣ የሚሸጠው ቤት ለገዢዎች ክፍት በሆነበት ሰዓት፣ ሊያዩ የመጡት ሰዎች መተላለፊያውን ሞልተውታል። ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ሳይደርስ ያለቀበት ደላላ በሩ ላይ ቆሞ ለሁሉም እኩል ይስቃል። አብዱልሃዲ ወጥ ቤቱን በስንዝር ለካ፤ ጓሮው ውስጥ ያለችውን የፖም ዛፍ አይቶ እንደ ልጅ ፈነደቀ። አውቶቡስ ሲነዳ እንኳ ፊቱ እንዲህ ሲበራ አይታው አታውቅም። እሷም ብትሆን ልቧ ወደ ቤቱ አድልቷል፤ ለልጆቻቸው ለየብቻ መኝታ ቤት፣ ከጫካው የሚመጣ አየር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሰዕድ የረገጠው መንገድ። ወንድሟን ማግኘት የምትችልበት ቦታ ይህ ብቻ ይመስላታል። መቃብሩ ዘንድ ስትሄድ አታገኘውም።

ፎቁን ለማየት ባሏን ተከትላ ወደ ደረጃው ሄደች። ሁለተኛው እርከን ላይ ስትቆም እንጨቱ ሲጥጥ አለ።

ያው የሰዕድ ቤት ደረጃ ድምፅ ነው። እዚያው ተቀመጠች። ሕፃን የታቀፉ ባልና ሚስት «ይቅርታ» ብለው ተራምደዋት አለፉ። እሷ አልሰማቻቸውም። ከጎኗ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ሰው የሚተነፍስ መሰላት፤ ደክሞት እንቅልፍ የጣለው ሰው ረጅም ትንፋሽ። ዞር ብላ ለማየት ፈራች።

ሰዕድም ሹፌር ነበር። ቤቱን የገዛው ወለድ ከመቶ ሁለት እንኳ ባልሞላበት በዚያ ደግ ጊዜ ነው፤ ባንኩ እስከዚህ ድረስ እንሰጥሃለን ሲለው እስከዚያ ድረስ ወሰደ። ወለድ ቢጨምር ይችላል ወይ ብሎ ባንኩም አስልቶ ነበር፤ በወረቀት ላይ ይችላል። ደመወዙ ውስጥ ግን ትርፍ ሰዓቱም ተደምሮ ነበር፤ ኮምቦልቻ ላሉት ወላጆቹ የሚልከው ደግሞ የትም አልተቀነሰም። ከዚያ ወለዱ ከመቶ አምስት ተኩል አለፈና የወር ክፍያው ላይ አሥር ሺ ክሮነር ገደማ ተጨመረበት። ሰዕድ አውቶቡሱን ሲያስረክብ ታክሲ ይነዳ ጀመር። ጎህ ሲቀድ ይገባል፤ ጫማውን ያወልቃል፤ ወደ መኝታ ቤቱ ሊወጣ ሁለተኛው እርከን ላይ ትንሽ አረፍ ሲል እዚያው ያሸልበዋል። ልጁ ዩስራ ያኔ ገና ትንሽ ነበረች፤ ስትነሳ የምታገኘው ደረጃው ላይ ነው፤ የራሷን ብርድ ልብስ ጎትታ ታለብሰዋለች። ቤተሰቡ ሁሉ ይስቅ ነበር። መፍቱሃም ስቃለች፤ ፎቶ ሁሉ አንስታዋለች። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ በሹፌሮች ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሻይ እንደያዘ ልቡ ቆመ። የሚተኛበት አልጋ ለራሱ ብርቅ እንደሆነበት አለፈ፤ አላህ ይዘንለት።

«ምነው? አመመሽ እንዴ?» አለ አብዱልሃዲ ከላይ ሲወርድ።

«አይ፣ ደህና ነኝ» አለችና ተነሳች።

ሲመለሱ እነሱም በኪራይ የሚኖሩበት ትሮስተሩድ ሰፈር ወረዱና የሰዕድ ሚስት ጁመና ቤት ጎራ አሉ። አብዱልሃዲ ዩስራን ይዞ ከሕንፃው ፊት ለፊት ወዳለው መጫወቻ ሲወጣ ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ። መፍቱሃ የቤቱን ነገር አወራች። ባንኩ አምስት ሚሊዮን ከሦስት መቶ ሺ ፈቅዷል፤ የራሳቸው ስድስት መቶ ሺ አለ፤ እስከ አምስት ሚሊዮን ከዘጠኝ መቶ ሺ መጫረት ይችላሉ። ስለ ወለዱ ነገር ለዓመታት ሲነታረኩ ከርመው በመጨረሻ ኪራዩ ራሱ አማሮ ገፍቷቸዋል።

ጁመና ስኒውን አስቀመጠች። «ስድስት መቶውን ከየት አገኛችሁት? አትቀየሚኝና።»

«ግማሹ ቁጠባ ነው። ግማሹ የአብዱልሃዲ እቁብ፤ የመጀመሪያው እጣ ለሱ ወጣለት፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ባንኩ የራሳችሁ ገንዘብ ነው ብሎ ያዘው?»

«አዎ፣ የኛው አይደል እንዴ?»

ጁመና ስኒዋን ገፋ አደረገች። ስትናገር ድምፅዋ ዝግ አለ። «ሰዕድም እንደዚያው ነበር ያለው። የኛው ነው አለኝ። ቀድሞ እጣ የወጣለት ሰው እኮ የተበደረ ነው፤ ሌሎቹ እስኪያገኙ ድረስ ይከፍላል። የእቁቡ ዳኛ ደግ ሰው ናቸው፤ ሲሞት ግማሽ ግማሹን እየከፈልሽ ጨርሺ አሉኝ። የጨረስኩት ባለፈው ወር ነው። ቤቱ ተሽጦ፣ ባሌ ተቀብሮ፣ እኔ ለዚያ ቤት እየከፈልኩ ነበር።»

መፍቱሃ ይህን አታውቅም ነበር። የሥጋ ወንድሟ ነው፣ እሷ ግን አታውቅም ነበር።

ወደ ቤት ስትሄድ በልቧ ስታሰላ ነበር፤ አላሰላም ብትል እንኳ ሒሳቡ ራሱን ይሠራል። እዚህ አገር ያለሽ ዕዳ በሙሉ ተደምሮ ግብር ካልተቀነሰለት የዓመት ገቢሽ አምስት እጥፍ እንዳይበልጥ ተብሏል። ባንኩ የሁለታቸውን ገቢ በትርፍ ሰዓትና በተጨማሪ ፈረቃ አንድ ሚሊዮን ከመቶ ሺ አድርጎ፣ የቤቱን ብድር ከመኪናው ሁለት መቶ ሺ ጋር ደምሮ፣ ልክ አምስት እጥፍ ላይ አቁሟቸዋል። ትርፍ ሰዓቱ ሲወጣ ግን ደመወዛቸው አንድ ሚሊዮን ብቻ ነው። ያልተከፈለው እቁብ ደግሞ ሁለት መቶ ስልሳ ሺ ነው። ይህ ሲገባ አምስት እጥፉ ስድስት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ባንኩ አልዋሸም፤ ያልነገሩትን ከየት ያውቃል? ጣሪያውን ነግሯቸዋል፤ ጣሪያው ድረስ የሞላ ቤት ውስጥ ሰው የት እንደሚቆም ግን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ያን ሁሉ አውቃ ለአብዱልሃዲ ትንፍሽ አላለችም። ቤቱን ፈልጋዋለች። እንዲያው ቤቱን ፈልጋዋለች፤ ሌላ ምክንያት የላትም።

ሰኞ ከሰዓት ጨረታው ተጀመረ። አብዱልሃዲ ፈቃድ ወስዶ ሶፋው ላይ ስልኩን ይዞ ተቀምጧል፤ እግሩ አርፎ አይቀመጥም። አምስት ሚሊዮን ከአራት መቶ ሺ ላከ። ሌላ ሰው መቶ ሺ ጨመረ። እሱም መቶ ጨመረ። ሌላው እንደገና መቶ ጨመረ።

«ይሄ ሰውዬ አይለቅም!» አለ እየሳቀ። «ግን እኛም አለን። ስምንት መቶ ልላክበት።»

እዚህ አገር የጨረታ ዋጋ አንዴ ከተላከ ቀልድ የለም፤ ሻጩ እሺ ካለ ገዝተሃል። አብዱልሃዲ ቁጥሩን ጻፈ። አውራ ጣቱ ማረጋገጫው ላይ አንዣበበ።

ያኔ ከጀርባዋ ሲጥጥ አለ።

የሚኖሩበት ቤት ደረጃ የለውም። ወለሉም ሲሚንቶ ነው። መፍቱሃ ግን ጥርት አድርጋ ሰማችው፤ ከዚያም ያንን ትንፋሽ። የባሏን እግር አየች፤ ካልሲው ተረከዙ ላይ ሳስቷል። በዚያ ሁለተኛ እርከን ላይ የሰዕድን ሳይሆን የእሱን እግር አየችው፤ የገዛ ልጃቸው ብርድ ልብስ እየጎተተ ሲመጣ አየች። እጇን ስልኩ ላይ ጫነችው።

«አትላክ።»

«ምን ሆነሻል? ጊዜው ሊያልቅብን ነው እኮ!»

«ይለቅ።»

«አንቺ ነሽ እኮ ቤቱን የወደድሽው!»

«አሁንም እወደዋለሁ። ወላሂ እወደዋለሁ። እቁቡ ግን ዕዳ ነው አብዱልሃዲ። ትርፍ ሰዓትህም ደመወዝ አይደለም፣ ጉልበትህ ነው። ሁለቱን አውጥተህ ስታሰላው ስድስት እጥፍ ልንገባ ነው።»

«ባንኩ ፈቅዷል! ከባንኩ አንቺ ታውቂያለሽ?»

«ባንኩ ለሰዕድም ፈቅዶ ነበር።»

አብዱልሃዲ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። የሰዕድን አስከሬን ካጠቡት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ አንዴ ነዘረ፤ ማንም አላነሳውም። ጥቂት ቆይቶ ደላላው ቤቱ ለሌላ ሰው መሸጡን በትሕትና የሚገልጽ መልእክት ላከ። አብዱልሃዲ ጃኬቱን ለብሶ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ለቀናት «እሺ» እና «ሻይ አለ?» ከማለት ሌላ ቃል አላወጣም። እሷም መታጠቢያ ቤት ገብታ ውኃውን ከፍታ ስለዚያ ቤት አለቀሰች። ወንድሟ ለሁለተኛ ጊዜ የሞተባት መሰላት።

ኩርፊያው ሲለዝብ ግን አብረው ተቀመጡና ጣሪያውን ራሳቸው ወሰኑ። የቤቱም፣ የመኪናውም፣ የእቁቡም ዕዳ ተደምሮ ከደረቁ ደመወዛቸው ሦስት እጥፍ ተኩል እንዳያልፍ። መኪናውና እቁቡ ሲቀነሱ ለቤት የሚቀረው ብድር ሦስት ሚሊዮን ብቻ ነው። አብዱልሃዲ «በዚህማ የፖም ዛፍ ቀርቶ የፖም ሳጥን አንገዛም» ብሎ አጉረመረመ። እዚያው ትሮስተሩድ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ልጆቹ አንድ ክፍል የሚጋሩበት አፓርታማ በሦስት ሚሊዮን ከስድስት መቶ ሺ ገዙ። ባንኩ ተጨማሪ እንደሚፈቅድላቸው በደግነት አስታውሷቸው ነበር።

በገቡ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጁመናና ዩስራ ቤት ሊባርኩ መጡ። ዩስራ አሁን ትምህርት ቤት ጀምራለች። ጫማዋን አውልቃ ክፍሉን ሁሉ ዞረች፤ መታጠቢያ ቤቱን ከፈተች፤ የልጆቹን ክፍል አየች፤ ቁም ሣጥኑን ሳይቀር ከፍታ ዘጋች። ከዚያ መተላለፊያው ላይ ቆማ ፊቷን ቋጠረች።

«ምን ጠፋብሽ የኔ ልጅ?» አለቻት መፍቱሃ።

«ደረጃው የታለ?»

«ይሄ ቤት ደረጃ የለውም።»

ዩስራ ወደ አብዱልሃዲ ዞረች። ከልቧ አዝናለታለች።

«ታዲያ እሱ የት ይተኛል?»

ጁመና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አብዱልሃዲ ከዚያን ሰኞ ጀምሮ ስለ ፖም ዛፏ ማጉረምረሙን አልተወም ነበር። አሁን ግን ቀስ ብሎ ተነሳ፤ የልጅቷን እጅ ያዘ፤ ወደ መኝታ ቤቱ ወስዶ አልጋውን አሳያት። ዩስራ በመዳፏ ጫን ጫን አድርጋ ሞከረችው።

መፍቱሃ በሩ ላይ ቆማ ጆሮዋን አቀናች። አልጋው ሲጥጥ አላለም።