በረሆቦት ስም

ቢሊሴ ረሆቦትን የጠላቻት ገና ከበር ስትገባ ነው። ምክንያት ፈልጋ ነበር፤ አላገኘችም። ልጅቷ ሰዓት ታከብራለች፣ ሰው አታማም፣ የቢሮውን ቀጭን ሻይ እንኳ አመስግና ትጠጣለች። እንዲህ ያለን ሰው መጥላት ያደክማል፤ ቢሊሴ ግን ድካም አትፈራም።

ቢሮው ቦሌ፣ ሩዋንዳ አካባቢ፣ ከአንድ የእንግዳ ማረፊያ በላይ ነው። ቦሌ በየአቅጣጫው የሚቆፈርበትና የሚገነባበት ዘመን ስለነበር መብራት ደስ ሲለው ይመጣል፣ ደስ ሲለው ይሄዳል። የድርጅቱ ባለቤት ተስፉ ራሱ ኮድ አይጽፍም፤ ሥራ ማምጣት ግን ያውቅበታል። አሁን ደግሞ ቦሌ ለሚ ካለ የልብስ ፋብሪካ፣ የሠራተኞችን ሰዓትና ደመወዝ የሚያሰላ ሲስተም የመሥራት ውል ይዞ መጥቷል። ሲስተሙን ለፋብሪካው በምናሳይበት ቀን የፕሮጀክቱን መሪ እሰይማለሁ ብሏል። ቢሊሴ ቢሮው ወንበር ሳይኖረው ካርቶን ላይ ተቀምጣ ኮድ የጻፈች ናት። መሪነቱን የራሷ አድርጋ ትቆጥረው ነበር፤ ረሆቦት እስክትመጣ።

ረሆቦት ጊት የሚባለውን፣ የኮድ ለውጥ የሚመዘግብ ፕሮግራም ይዛ መጣች። እስከዚያ ድረስ ቢሮው ሥራውን የሚያስቀምጠው ፎልደር ኮፒ እያደረገ ነው። በቢሊሴ ኮምፒውተር ላይ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ አዲሱ»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ»፣ «የቢሊሴ አትንኩ» የሚሉ ፎልደሮች ተደርድረዋል። ረሆቦት አይታቸው አልሳቀችም። ቢሊሴን ይበልጥ ያናደዳት አለመሳቋ ነው።

መብራት ሲሄድ ባትሪ ስላለው የማይጠፋው የቢሊሴ ዴስክቶፕ ብቻ ስለነበር፣ ረሆቦት ጊትን እዚያ ላይ ጭና ሁሉንም ሰብስባ አስተማረች። መጀመሪያ ጊት ሠሪው ማን እንደሆነ ማወቅ አለበት ብላ የራሷን ስምና ኢሜይል አስገባች። ከዚያ ቀጠለች።

«ሴቭ ማድረግና ኮሚት ማድረግ አንድ አይደሉም። ሴቭ ስታደርጉ አዲሱ የድሮውን ተክቶ ይቀመጣል። ኮሚት ግን ፎቶ ነው። የሠርግ ፎቶ አስቡ። አድ ማለት የሚነሱትን ‹እናንተ ኑ፣ እዚህ ቁሙ› ብሎ መጥራት ነው፤ ኮሚት ደግሞ ማንሳቱ። ከሥሩ ምን እንደሠራችሁ ባጭሩ ትጽፋላችሁ።»

ከተበላሸስ ብሎ ተስፉ ጠየቃት። ሪቨርት የሚባል ትእዛዝ እንዳለ ነገረችው፤ የተበላሸውን ኮሚት የሚቀለብስ አዲስ ኮሚት ይጨምራል እንጂ ስህተቱን ከታሪክ አይፍቅም። ሎግ የሚባለውን ሲከፍት ደግሞ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደሠራ ተራ በተራ ያያል። ተስፉ ይሄን ሁሉ ዘመን ምን ስንሠራ ነበር አለ። ቢሊሴ «እኔን ፎልደሬ ይበቃኛል» ብላ ተነሳች። ይህን ያለችው አፏን ሞልታ፣ ሁሉ እየሰማ ነው።

በማግስቱ ረሆቦት የሠራተኞቹን መረጃ ልትሰበስብ ቦሌ ለሚ ተላከች፤ ሳምንታት እዚያው ዋለች። ቢሊሴም ሰው ሲያልፍ ስክሪኗን እየቀየረች ጊትን በድብቅ ጀመረችው። ወደደችው፤ ይህም አሳረራት። የሰዓት መግቢያውን ሠርታ ኮሚት አደረገች። የትርፍ ሰዓት ሂሳቡን፣ የበዓል ቀን ክፍያውን፣ የማታ ፈረቃውን ሁሉ እየሠራች ኮሚት አደረገች። ፎልደር ኮፒ ማድረጉን ተወችው። ግን ለማን ትናገር? ፎልደሬ ይበቃኛል ብላለቻ።

ሲስተሙ ሊታይ አንድ ቀን ሲቀረው ተስፉ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። ረሆቦት እንዳሳየችው ሎግ ብሎ ጻፈ፤ ስክሪኑ በኮሚት ተሞላ። በእያንዳንዱ ላይ የሠሪው ስም ረሆቦት ይላል።

«አየሽ ይህችን ልጅ?» አለ ተስፉ። «ፋብሪካው ውስጥ እየዋለች፣ ከዚያው እየላከች ነው መሰለኝ፣ ትርፍ ሰዓቱን እንኳ ጨርሳዋለች። ያንቺ ፎልደር ግን ካለፈው ወር ወዲህ አልተነካም።»

ቢሊሴ ሎጉን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ጊት በየኮሚቱ ላይ የሚጽፈው ኮምፒውተሩ ላይ የገባውን የረሆቦትን ስም እንደሆነ፣ እሷም እንዳልቀየረችው ያኔ ገባት። ሆን ብላ ነው፣ ስሟን እዚህ የተከለችው አስባበት ነው አለች በሆዷ። የእኔ ነው ልትል አፏን ከፈተች፤ በድብቅ መማሯን መናገሩ ከሞት በለጠባትና መልሳ ዘጋችው። ተስፉ እየወጣ መሪዋ ማን እንደሆነች አሁን ገባኝ አለ።

ሁሉም ለምሳ ሲወጡ ቢሊሴ ቀረች። ዓይኗ ደም ለብሷል። ሥራው የረሆቦት ከሆነ መልሳ ትጻፈው ብላ የትርፍ ሰዓቱን ፋይል ሰረዘችው። ስረዛውን አድ አደረገች፤ ኮሚት አደረገች፤ ከሥሩ «አላስፈላጊ ኮድ ወጣ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ወርዳ ፓስቲ በላች፤ አልጣማትም።

በማግስቱ የፋብሪካው የሰው ኃይል ኃላፊ ወይዘሮ ፍረወይኒ ከረሆቦት ጋር መጡ። ዴስክቶፑ ፊት ተቀመጡና ሌላውን ሁሉ ትተው ትርፍ ሰዓቱን ጠየቁ፤ ሴት ሠራተኞቹ በየወሩ የሚያለቅሱት በእሱ ነው አሉ። ተስፉ ተጫነው። በቀይ የተጻፈ ስህተት ወጣ። ደግሞ ተጫነው፤ ያው ነው። ፊቱ ተለዋውጦ ሎጉን ከፈተ። ከላይ የተቀመጠው የትናንቱ ኮሚት ነው፤ አላስፈላጊ ኮድ ወጣ፣ ረሆቦት።

«ምን ነካሽ?» አላት ረሆቦትን። «ትናንት ለምን አጠፋሽው?»

ረሆቦት ትናንት ቦሌ ለሚ እንደነበረች ልትናገር ስትል ዓይኗ በሎጉ ላይ ወደ ታች ወረደ። በስሟ የተደረደረውን፣ እሷ ያልጻፈችውን ሥራ ሁሉ አየች። ስሟን ያስገባችው ራሷ ናት፤ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባትም። ቀስ ብላ ቢሊሴን አየቻት። ከዚያ ዝም አለች።

ቢሊሴ ይሄን ዝምታ ጠላችው። እሷም ዝም ካለች ረሆቦት በእንግዳ ፊት ትዋረዳለች፤ መሪነቱም ያለ ጥርጥር ወደ ቢሊሴ ይመለሳል። ግን የትርፍ ሰዓቱም፣ የበዓሉም፣ የማታ ፈረቃውም ለዘላለም የረሆቦት ሆኖ ይቀራል። መልካሙን የእኔ ነው ያለ የመጨረሻውንም የእኔ ነው ማለት አለበት፤ ሁለቱም ላይ የተጻፈው ያው ስም ነው።

«ኮሚቱ የእኔ ነው» አለች።

ተስፉ የቱ አላት።

«ሁሉም። የሠራሁትም፣ ያጠፋሁትም።»

ማንም ሳይጠይቃት ወንበሩን ሳበች። በመጀመሪያ በጊት ላይ ያለውን ስም ወደ ራሷ ቀየረች፤ የቀደሙት ኮሚቶች ግን በረሆቦት ስም እንዳሉ ቀሩ። ከዚያ የትናንቱን ኮሚት ሪቨርት አደረገችው። የተሰረዘው ፋይል ተመልሶ መጣ፤ ገጹን እንደገና ስትከፍተው የትርፍ ሰዓቱ ሂሳብ ቁልጭ ብሎ ወጣ። በሎጉ አናት ላይ አዲስ መስመር ተጨመረ። ከዚያ ሁሉ መስመር መካከል የቢሊሴ ስም ያለበት እሱ ብቻ ነው፤ እሱም የራሷን ጥፋት የቀለበሰችበት።

ወይዘሮ ፍረወይኒ የአንዲት ሠራተኛ ሰዓት አስገብተው አዩና ልክ ነው አሉ። «ይህን የሠራችው የትኛዋ ናት?» ብለው ጠየቁ።

ተስፉ ዓይኑን ከቢሊሴ ወደ ረሆቦት አዞረ። መሪነቱ ወዴት እንደሄደ ከፊቱ ይነበባል። «እሷ ናት» አለች ረሆቦት፣ በእጇ ወደ ቢሊሴ እያመለከተች። «ስሙን ሳልቀይርላት የሄድኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ፍረወይኒ ቢሊሴን ጎበዝ አሏት። ቢሊሴ አንገቷን ደፍታ አመሰገነች። ይህን ቃል ስንት ጊዜ ተመኝታው ነበር፤ አሁን ግን ረሆቦት ሰጥታት የተቀበለችው ሆነባት፤ ለዚህም ቀናችባት።