ሁለት ናሙና፣ አንድ ቁጥር

ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ በአንድ ጤና ተቋም ዳታ ክፍል ነው የምሠራው። ከሩቅ ላቦራቶሪ በፋይል የሚመጣውን የአክታ ምርመራ ውጤት ተቀብዬ ለየጤና ጣቢያው አስተላልፋለሁ። ድሮ በፋይሉ ውስጥ አንድ የተበላሸ መስመር ከተገኘ ፕሮግራሙ ሁሉንም ይመልሰው ነበር። የቡሬ መስመር ላይ ቀን ስለተሳሳተ የሊበን በሽተኛ ሳምንት ይጠብቅ ነበር። አሁን የተበላሸውን መስመር ብቻ እንደመጣ፣ ሳይነካካ፣ ማቆያ ወደምንለው ሰንጠረዥ ይወስድና ከጎኑ ምክንያቱን ይጽፋል። ሌላው ያልፋል። ማቆያውን በየጠዋቱ ከፍቶ ለላኪው እየደወሉ ማስተካከል የእኔ የኡምሀኒ ሥራ ነው። ያለእኔ ፈቃድ ከዚያ የሚወጣ የለም። ጉራ አይሁንብኝና፣ በዚህ እኮራ ነበር።

አንድ ሰኞ ስልሳ አንድ ውጤት መጣ፤ ሃምሳ ዘጠኙ አለፈ። ማቆያው ውስጥ ሁለት የሽንዲ ጤና ጣቢያ መስመሮች ቀሩ። ምክንያቱ፦ «ሁለት ናሙና በአንድ የካርድ ቁጥር፤ የማን እንደሆነ አይለይም»። አንደኛው ንጹሕ ነው። ሁለተኛው መድኃኒት የተላመደ ቲቢ። ፋይሉ ስም አይዝም።

ሽንዲ ላለው ነርስ፣ ለቴዎድሮስ ደወልኩ።

«ባልና ሚስት ናቸው» አለኝ። «ገደፋውና ያይኔአበባ። ናሙናውን የተቀበለችው ልጅ በየራሳቸው ቁጥር ፈንታ የቤተሰቡን ማህደር ቁጥር ሁለቱም ዕቃ ላይ ጽፋዋለች። እኛም ጋ መለያ የለንም።»

መፍትሔው አንድ ነው፤ ከሁለቱም እንደገና አክታ መውሰድና በየቁጥራቸው መላክ። ግን መንገዱ ተዘግቶ ናሙና የሚያመላልሰው ሞተር ከቆመ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። እኛም ጋ መመርመሪያው ካለቀ ወር አልፏል። እንዲቆይ ተውኩት።

በአምስተኛው ቀን ገደፋው በእግሩ መጣ። ጸጉሩ ገብስማ የሆነ፣ ጫማው በጭቃ የተለወሰ ገበሬ ነው። ከሁለቱ አንዳቸው እንደታመሙ ቴዎድሮስ ነግሮታል። በሩ ላይ ቆሞ ጎንበስ አለ።

«እንደምን ዋሉ እመቤት። ያ የተያዘው ነገር የኔ ነው። የኔ ብለው ይጣፉት።»

«እንዴት አወቁ ጋሼ?»

«የማስለው እኔ ነኛ። እሷ አራስ ናት፣ ምን ነካት? ሚካኤል ምስክሬ ነው።» እውነትም ያስላል።

ምክንያቱን ከስክሪኑ ላይ አነበብኩለት። እንደገና ሳይመረመር እንደማይወጣ አስረዳሁት። «መንገዱ መቼ ይከፈታል?» አለ። አላውቅም። ማንም አያውቅም።

«እንግዲያ እስቲያ ድረስ በሽታው ይጠብቀናል?»

አለቃዬ አቶ ክንፈሚካኤልም ሪፖርት ሊልኩ ነው፤ ማቆያው ባዶ እንዲሆንላቸው ሁለቴ ጠይቀውኛል። ግን በእሳቸው አላመካኝም። አንጀቴን የበላው ሰውየው ነው። በታቦት የማለ ሽማግሌ ገበሬ ይዋሻል ብዬ ማሰብ ነውር መሰለኝ፤ አባቴም ቢሰማ ይቆጣኛል። የተላመደውን ለገደፋው፣ ንጹሑን ለያይኔአበባ፣ በየቁጥራቸው አስገባሁ። ፕሮግራሙ የተለቀቀበትን ምክንያት ጠየቀኝ። «በባለቤቱ ቃል» ብዬ ጻፍኩ። ሰውየው መርቆኝ ወጣ።

ገደፋው በማግሥቱ ስሙ ከታካሚዎች ተራ ገባ። ያይኔአበባ ነጻ ተብላለችና ማንም አልጠራትም። የበሽተኛ ቤተሰብ መመርመር ነበረበት፤ የእሷ ግን ውጤቷ አለ፣ ያውም ትኩስ ውጤት። እኔ የሰጠኋት።

መንገዱ ሲከፈት ሦስት ወር ሊሞላ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ፋይሎች በአንዱ የያይኔአበባን ቁጥር አየሁት። ቁጥሩ ትክክል፣ ቀኑ ትክክል፣ አንድም የሚያስቆም ነገር የሌለው መስመር ነው። ከሌሎቹ ጋር ሰተት ብሎ አለፈ። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይላል።

ሽንዲ ደወልኩ።

«መቼ ትጀምራለች?» አልኩት ቴዎድሮስን።

«ማክሰኞ ቀበርናት» አለኝ። «ናሙናዋን እንደገና የላክነው ሲጠናባት፣ መንገዱ እንደተከፈተ ነው።» «ደም ትተፋ የነበረችው ከመጀመሪያውም እሷ ነበረች። ሆስፒታል ተኚ ተብላ ከሕፃኑ እንዳትለይ ብለው ደብቀዋል።»

«ታዲያ እሱ ለምን የኔ ነው አለ?»



«መድኃኒቱን ቤት ወስዶ ሊሰጣት ነበራ። በመጀመሪያው ቀን ኪኒኑን በመዳፉ ይዞ፣ ‹ቤቴ ልዋጠው› ብሎ ለመነን። ደንቡ አይፈቅድም አልነው። በየቀኑ ፊታችን እያስቆምን አስዋጥነው። ሲውጥ ያለቅስ ነበር፤ እኛ መድኃኒቱ መርሮት መስሎን።»