ከማጠቢያው ሥር ስላለው ውሃ

የጋምቤላ ክልል በራሱ ምክር ቤት መተዳደር በጀመረባቸው የመጀመሪያ ዓመታት፣ አጁሉ ከአዲሶቹ ቢሮዎች በአንዱ ተቀጥራ በጋምቤላ ከተማ ኒውላንድ በሚባለው ሰፈር ቤት ተከራየች። ቤቱ ከጭቃና ከእንጨት ተሠርቶ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ሁለት ክፍልና አንድ ወጥ ቤት ያለው ነበር። ባለቤቱ አቶ መልአኩ በከተማው ሥራ ላይ ሳሉ አቁመውት፣ በኋላ መቲ ወደምትባል ከተማ ወጥተው በቡና ልማት ተሰማርተዋል። ኪራዩን የሚቀበልላቸው አንድ ነጋዴ ዘመዳቸው ነው፤ ስለ ቤቱ ግን አንዲት ሚስማር ለመምታት እንኳ ሥልጣን አልሰጡትም።

አጁሉ ቤቱን የወደደችው ስለ እናቷ ነው። እናቷ ኛኬር የዓይናቸው ብርሃን ከጠፋ ቆይቷል። ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ከአልጋቸው እስከ በረንዳው ያለ መሪ መውጣትና መግባት የቻሉት በዚህ ቤት ነበር፤ ይህንንም ለመልመድ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ፈጅቶባቸዋል።

ውሃው መታየት የጀመረው በጋው ሲጋመስ ነው። በወጥ ቤቱ የዕቃ ማጠቢያ ሥር ወለሉ ይረጥብ ጀመር። የቧንቧ ሠራተኛው ጩዎል ተጠርቶ መጣና መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ የሚያመጣውን መሥመር በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ ጠበቀ፤ አንዳች ጠብታ አልታየም። ከዚያ ማጠቢያውን ሞልቶ በአንድ ጊዜ ሲለቀው፣ ፍሳሹ የሚወርድበት የታጠፈው ቱቦ ከማጠቢያው ጋር በሚገናኝበት ቦታ አነባ። የላስቲኩን ቀለበት ለውጦ አጥብቆ አሰረው። ለጥቂት ቀን ደረቀ፤ እንደገና አፈሰሰ። ዳግመኛ ታሰረ፤ ዳግመኛ አፈሰሰ። በሦስተኛው ጩዎል ከሥር ተንበርክኮ ቆየና ጥፋቱ የቀለበቱ እንዳልሆነ ነገራት። ማጠቢያውን የተሸከመው ግድግዳ ረጥቦ ሰምጧል፤ ማጠቢያው በአንድ ወገን ስለ ዘመመ ቱቦውን እየጎተተ ከመጋጠሚያው ያወጣዋል። ግድግዳው ተከፍቶ የበሰበሰውና ምስጥ የገባበት እንጨት ካልተለወጠና ማጠቢያው በጡብ እግር ላይ ካልቆመ፣ ማጥበቁ ከንቱ ድካም ነው። የሰው ግድግዳ ለመክፈት ደግሞ የባለቤቱ ቃል ያስፈልጋል። ከግድግዳው ማዶ ያለው የኛኬር አልጋ ነበር።

አጁሉ አልጋውን ወደ ሌላው ማዕዘን አዞረችው፤ እናቷም በማግሥቱ ወንበር አደናቅፏቸው ወደቁ። አልጋው ወደ ቦታው ተመለሰ። ክረምቱ እየቀረበ ነበር።

አጁሉ ፊደል ታውቃለች፤ አማርኛም በትምህርት ቤት ተምራለች። ነገር ግን ለሽማግሌ የሚጻፍ ደብዳቤ ሥርዓት እንዳለው ስለምታውቅ ወደ ጎረቤቷ ወደ መሪጌታ ከፈለ ሄደች። መሪጌታ በሰፈራው ዘመን ከደጋ መጥተው በከተማው ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ፣ ቅኔን ከነዜማው ያደላደሉ አባት ናቸው። ነገሩን ሁሉ ዘርዝራ ነገረቻቸው። እሳቸውም ሰምተው ሲያበቁ ነገሩ እውነት ቢሆንም እንዲህ ራቁቱን ወደ ትልቅ ሰው እንደማይላክ ገለጹላትና ብዕራቸውን አነሡ።

ደብዳቤው ያማረ ሆነ። ስለ አቶ መልአኩ ጤና፣ ስለ ቤተሰባቸው፣ ስለ ከብቶቻቸውና ስለ ቡናቸው አበባ በየተራ ጠየቀ። እንደ ደብዳቤ ወግም፣ «እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለብን ነገር የለም» አለ። በሁለተኛው ገጽ ግርጌ፣ ከመሰናበቻው ቀደም ብሎ፣ በማጠቢያው አካባቢ ጥቂት ውሃ አልፎ አልፎ እንደሚታይና እንደ በጎ ፈቃዳቸው ቢያስቡበት መልካም እንደሚሆን ጠቆመ። ደብዳቤው በመንገደኛ እጅ ወደ መቲ ሄደ።

መልሱ ሲመጣ በምርቃት የተሞላ ነበር። አቶ መልአኩ ተከራያቸው በቤታቸው ደስ ብሏት ስለምትኖር አምላካቸውን አመስግነዋል። ስለ ውሃው አንድ ቃል አልነበረም።

አጁሉ መልሱን በመሪጌታ ፊት አነበበችው። ከዚያም ሳትቆጣ፣ «መሪጌታ፣ እኔ ያልኩት የት ገባ?» አለቻቸው።

መሪጌታ ወረቀቱን ተቀብለው ረጅም ጊዜ አዩት። በመጨረሻ አዲስ ወረቀት አወጡና፣ «በይ ልጄ፣ እንደ ቃልሽ እጽፋለሁ» አሏት። እሷ ተናገረች፤ እሳቸው ጻፉ፦

«ለአቶ መልአኩ። ጤና ይስጥልኝ። በወጥ ቤቱ ማጠቢያ ሥር የፍሳሹ ቱቦ ያፈሳል። ሁለት ጊዜ አሠርቼው ሁለት ጊዜ ተመልሷል። ምክንያቱ ማጠቢያው የተሰቀለበት ግድግዳ ረጥቦ መስመጡ ነው። እንጨቱ ውስጥ ምስጥ ገብቷል። ከግድግዳው ጀርባ እናቴ ትተኛለች፤ ዓይኗ አያይም። ዝናብ ሳይገባ ግድግዳው ተከፍቶ እንዲጠገን እለምናለሁ። ራስዎ መጥተው ይዩት፤ ወይም እንዳሠራው በጽሑፍ ይፍቀዱልኝ። ተከራይዎ አጁሉ።»

መሪጌታ በየዓረፍተ ነገሩ መካከል ብዕራቸው አንድ የትሕትና ቃል ሊጨምር ያዘነብል ነበር። ከለከሉት።

አቶ መልአኩ ራሳቸው መጡ። ፊታቸው ግን የጠቆረ ነበር። በበረንዳው ተቀምጠው ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን ዘረጉና መሪጌታን አስጠሩ። «በአንድ እጅ የተጻፉ ሁለት ቃሎች ናቸው፤ አንዱ ምንም አልጎደለም ይላል፣ ሌላው ቤቱ ሊወድቅ ነው ይላል። በሁለቱ መካከል ያለፈው ጊዜ ግድግዳ አያፈርስም። ሴቲቱ ቤቱን አበላሽታ በእኔ ልታሳብብ ከሆነ ሌላ ቤት ትፈልግ» አሉ። አጁሉ ይህን ስትሰማ ወደ እናቷ ክፍል ዘወር ብላ ተመለከተች።

መሪጌታ ቆመው ነበር። «ፊተኛው ሰላምታ ነው እንጂ ምስክርነት አይደለም» ብለው ጀመሩ።

«መሪጌታ፣ ሰላምታማ እኔም አውቃለሁ» አሉ አቶ መልአኩ። «ቤተሰቡን ሰብስቤ ደብዳቤዎን አስነበብኩ። ሁሉም አሜን ብሎ ተነሣ። ውሃውን የት ደብቀውት ነው?»

«በገጹ ግርጌ፣ ከእግር በታች» አሉ መሪጌታ ዝግ ብለው። «እርሷ መጀመሪያ የነገረችኝን እኔ መጨረሻ አደረግሁት። ያኔም የነገረችኝ ይኸው ኋለኛው ነው፤ አንድም አልጨመረችም። እርስዎን አከብራለሁ ብዬ እርሷን አስዋሸኋት። ቤት ማስለቀቅ ካለ የእኔን በር ያንኳኩ።»

አቶ መልአኩ ተነሥተው ወደ ወጥ ቤት ገቡ። ጎንበስ ብለው ከማጠቢያው ሥር ግድግዳውን በአውራ ጣታቸው ገፋ አደረጉት። ልስኑ ተሰብሮ ጣታቸው እስከ አንጓው ገባ፤ ሲያወጡት የረጠበ ጭቃና ነጫጭ ምስጥ ተከትሎ ወረደ። በማዶ አልጋው ላይ ኛኬር ሲገላበጡ ይሰማ ነበር። ሽማግሌው እጃቸውን ሳይጠርጉ ቆዩ።

«ይህን እንጨት ያቆምኩት እኔ ነኝ» አሉ ኋላ። «ጩዎልን ጥሩልኝ።»

ግድግዳው በማግሥቱ ተከፈተ። የበሰበሱት እንጨቶች ወጡ፤ በምትካቸው የተቃጠለ ዘይት የተቀባ አዲስ እንጨት ገባ፤ ማጠቢያውም በጡብ እግር ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ነገር ግን አዲሱ ጭቃ እስኪደርቅ በክፍሉ ማደር አይቻልም ነበር። መሪጌታ ማንም ሳይጠይቃቸው አልጋቸውን ለቀው ኛኬርን ወደ ቤታቸው ወሰዱ፤ እርሳቸው መደብ ላይ ተኙ። በየጠዋቱ አሮጊቷን በክንዳቸው ደግፈው ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ አልጋ መዳፋቸውን በግድግዳው ላይ እያስኬዱ ያለማምዷቸው ነበር።

አንድ ቀን መሪጌታ ዳዊት በለሆሳስ ሲደግሙ፣ ኛኬር በአኝዋክኛ አንድ ነገር ለልጃቸው ተናገሩ። መሪጌታ፣ «ያስከፋኋቸው ነገር ይኖር ይሆን?» ብለው ጠየቁ።

አጁሉ ፈገግ አለች። «ጸሎት ሲያደርጉ በጣም ቀስ ብለው ነው ትላለች። ጸሎቱ ለእሷም የሚደርስ ከሆነ ጮክ ይበሉ ትላለች።»

መሪጌታ ዳዊታቸውን ወደ አልጋው ቀረብ አድርገው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቀጠሉ።