የጋሼ እንግዳው ምርቃት

ሒሳብ ያለ እንከን ሲገጥም እጠራጠራለሁ። አለቃዬ «የትናየት፣ አንቺ እኮ መልአክ ቢመጣም መታወቂያ ትጠይቂዋለሽ» ይለኛል። ይበል። ኦዲተርነት ካልጠረጠሩ እንጀራ አይሆንም።

ሐምሌ አንድ ቀን ጠዋት ከዳባት ወጣ ብሎ ካለ የገበሬዎች ማኅበር መጋዘን ስደርስ የጠበቀኝ የስንዴ ዘር ሠንጠረዥም እንዲሁ ያለ እንከን ነበር። ዓመቱ ሲጀምር የነበረ አርባ ኩንታል፣ የገባ ስድስት መቶ ዐሥር፣ የወጣ አምስት መቶ ዘጠና፣ የቀረ ስድሳ። የአንዱ ኩንታል ዋጋ ዓመቱን ሙሉ አምስት ሺህ ብር ስለነበር ቀሪው ሦስት መቶ ሺህ ብር ተብሎ ተተምኗል። የገቢ ደረሰኙንና የወጪ ማዘዣውን አንድ በአንድ አገላበጥሁ፤ ሁሉም ልክ ነው።

«ጋሼ እንግዳው፣ ስድሳውን ቆጥረው ነው የጻፉት?» አልኋቸው ንብረት ያዡን።

«ምን ያስቆጥራል፣ የኔ ልጅ? ደምሬ ቀነስሁ፣ ስድሳ መጣ፤ ስድሳ ጻፍሁ።»

ተናደድሁ። እንዲህ ከሆነማ ሠንጠረዡ መቼም አይሳሳትም! ቁጥሩ ከቁጥር ሳይሆን መጋዘን ውስጥ ካለው እህል ጋር ነው መታረቅ ያለበት። «በሉ እንመዝን» አልሁ።

ጆንያውን ሁሉ ሚዛን ላይ እያወጣን አወረድን። አምሳ አራት ኩንታል ከአምስት ኪሎ። ደግመን መዘንን፤ ያው ነው። አምስት መቶ ዘጠና አምስት ኪሎ የለም፤ ሃያ ዘጠኝ ሺህ ሰባት መቶ አምሳ ብር።

ጋሼ እንግዳው ባዶ ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ። ጉድለትን ንብረት ያዡ እንደሚከፍል እሳቸውም እኔም እናውቃለን። ያላቸው አንድ ጥማድ በሬ ነው፤ በሐምሌ በሬ የሸጠ ሰው በምን ያርሳል? ከሁሉ በላይ ግን ስማቸው ነበር የሚያሳዝነኝ። የሚያስረዱት ከሌለ ነገሩ ፖሊስ ዘንድ ይሄዳል።

«እግዚአብሔር ያየኛል፣ አንዲት ጥሬ ቤቴ አላስገባሁም» አሉ።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ደርቤ ጠጋ ብሎ፣ «እህቴ፣ ወጪውን አምስት መቶ ዘጠና ስድስት በይውና ይዘጋ» አለኝ።

«በየትኛው ማዘዣ?»

በዚህ መሃል እማማ አልጣሽ የሚባሉ ባልቴት አህያቸውን ደጅ አቁመው፣ የአንድ ኩንታል ማዘዣ ይዘው ገቡ። ቆጠራው አልቋል፤ ይህ የአዲሱ በጀት ዓመት ወጪ ነው። «ይስጧቸው፣ ሲሰፍሩ ልይ» አልሁ።

ጋሼ እንግዳው ጆንያውን ሞሉ፤ ሚዛኑ መቶ ኪሎ ላይ ቀጥ አለ። ጆንያውን አወረዱ። ከዚያ ሐሳባቸው ሌላ ቦታ እያለ እጃቸው ብቻውን ሄዶ ከተፈታው ክምር በጣሳ ዛቀና እጆንያው አፍ ላይ ገለበጠ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«ጣሳው!»

«ምርቃት ነዋ!»

ጆንያውን መልሼ ሚዛን ላይ አስወጣሁት። መቶ አንድ።

«ለሁሉም ነው?»

«ዘር ያለ ምርቃት ይሰፈራል እንዴ? ምድር የሚገባ ነገር እኮ ነው።»

«ገበሬው ሲያስገባስ ይመርቅልዎታል?»

«ከድሃ እጅ ምርቃት ልቀበል? ሚዛኑ ያለውን ብቻ ነው የማስገባ።»

አምስት መቶ ዘጠና ኩንታል፣ አምስት መቶ ዘጠና ጣሳ። የቀረችው አምስት ኪሎ የአይጥ ድርሻ ትሁን። እዚሁ አካባቢ የምታርሰው እናቴም ከዚህ መጋዘን ዘር ወስዳለች፤ «የእንግዳው እጅ ይባረክ» ስትል በጆሮዬ ሰምቻታለሁ። እኔም እንግዲህ ከዚያ ጣሳ በልቻለሁ።

«ተመስገን፣ ሌባ አይደለም!» አለ ደርቤ።

ሌባስ አይደሉም። ጉድለቱ ግን ጉድለት ነው። ቀሪውን አምሳ አራት ኩንታል ከአምስት ኪሎ፣ ዋጋውን ሁለት መቶ ሰባ ሺህ ሁለት መቶ አምሳ ብር ብዬ አስተካከልሁ፤ ልዩነቱን ጉድለት ብዬ ከነምክንያቱ ጻፍሁ። ምርቃት ማዘዣ የለውም። ጋሼ እንግዳው ሳይከራከሩ ፈረሙ።

እማማ አልጣሽ ሁሉን ቆመው ሲሰሙ ነበር። ጎንበስ ብለው ጣሳውን አነሡ፣ ከጆንያቸው ዛቁ፣ ወደ ክምሩ መለሱ።

«በይ ልጄ፣ የኔዋ ተመልሳለች። ከጎደለው አንድ ኪሎ አጥፊለት።»

ያቺ ጣሳ የወጣችው ከቆጠራው በኋላ ነው፤ ከጎደለው ውስጥ አልነበረችም። ተመልሳም ጉድለቱ ያው አምስት መቶ ዘጠና አምስት ነው። ጋሼ እንግዳው መደመርና መቀነስ ያውቃሉ፤ ገብቷቸው ፊታቸውን ወደ ሚዛኑ አዞሩ። ባልቴቷ እስክሪብቶዬን እያዩ ይጠብቃሉ።

«እሺ፣ እማማ፣ አጠፋለሁ» አልኋቸው።