የቀኝ መስመሩ

ወንድሜ ይጮኻል፣ እኔ እጽፋለሁ፤ አስራ አንድ ዓመት የሠራነው እንዲህ ነው። እሱ ከስታዲየም ጨዋታውን በቀጥታ ያስተላልፋል። እኔ ሬዲዮ ጣቢያው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ጩኸቱን ወደ ሰው ወሬ እመልሳለሁ። «መረቡ ተቀደደ፣ ምድር ተንቀጠቀጠች» ካለ «9 ቁጥር ከግራ የተሻገረለትን ኳስ በግንባሩ አስቆጠረ» ብዬ እጽፋለሁ። የተሸነፈውም ቡድን ያደረጋቸው ሙከራዎች በዘገባዬ ቦታ አላቸው። መረቡ እንደሆነ እስከ ዛሬ ተቀዶ አያውቅም።

ሁለት ደንብ አለን። አንደኛው፣ ሜዳ ያለው የጨዋታ መዝጋቢ በስልክ መልእክት ካላረጋገጠልኝ ወንድሜ ያለው ነገር ዘገባው ውስጥ አይገባም። ሁለተኛው የቤተሰብ ነው። 14 ቁጥር ልጄ ስለሆነ ወንድሜ አዳላ እንዳይባል ስሙንም ቁጥሩንም አይጠራም፤ «የቀኝ መስመሩ» ብሎ ያልፈዋል። እኔም ልጄን አንድ ቀን አሞግሼ አልጻፍኩም። ክለቡን ሲቀላቀል አለቃዬ «ያዳላሽ ቀን ወንበሩን ትለቂያለሽ» ብሎኛል፤ እሱ ደግሞ ቀልድ አያውቅም።

ያን እሑድ ከሰዓት፣ ጨዋታው በተጀመረ በ21ኛው ደቂቃ ወንድሜ ጎል ብሎ ጮኸ። ከጀርባው ተመልካቹ ጭጭ ብሏል። ሰዓቱን ጽፌ የመዝጋቢውን መልእክት ጠበቅሁ። ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ስታዲየሙ በጆሮዬ ውስጥ ጮኸ፣ መልእክቱም መጣ፦ ጎል፣ 9 ቁጥር፣ 24ኛው ደቂቃ። ወንድሜ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ስለ ማዕዘን ምት ያወራ ነበር።

የስርጭት መስመሩ ተበላሽቶ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። መስመር ድምፅ ያዘገያል እንጂ መቼ ያስቀድማል። በ38ኛው ወንድሜ ለእንግዳው ቡድን ተከላካይ ቢጫ ካርድ ተሰጠ አለ። ፊሽካው የተሰማው በ41ኛው ነው።

በእረፍት ሰዓት ደወልኩለት።

«ጋሼ፣ ጎሉን መቼ ነው ያየኸው?»

«ሲገባ ነዋ! እኔ ያየሁትን ነው የምናገረው። አንቺ ደግሞ ነገር መሰንጠቅ ትወጃለሽ። በይ ሻይዬን ልጠጣበት።»

በ71ኛው ደቂቃ ድምፁ ወረደ። አስራ አንድ ዓመት እንዲህ ሲወርድ ሰምቼው አላውቅም።

«የቀኝ መስመሩ ወደቀ። ማንም አልነካውም። አይንቀሳቀስም... ሐኪሞቹ ደረቱን እየተጫኑት ነው።»

ከጀርባው ተመልካቹ ይዘፍናል።

ሦስት ደቂቃ ነበረኝ። ለቡድኑ ሐኪም ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ከተጠባባቂዎች ወንበር ተነስቶ መሆን አለበት፣ ያለከልካል።

«ዶክተር፣ ልጄ ጠዋት ደረቱን አሞት ነበር። ደብቋችሁ ነው። በእናትህ አስወጣልኝ።»

«እመቤቴ፣ እንደ ፈረስ እየሮጠ ነው እኮ።»

«አስወጣልኝ አልኩህ።»

በ73ኛው ደቂቃ መልእክት መጣ፦ ቅያሪ፣ 14 ወጣ በደረት ሕመም፣ 21 ገባ። ወንበሬ ላይ ተዘርግቼ አለቀስኩ። ደስ አለኝ፤ ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። 21 ቁጥር ማን ይሁን ማን አላሰብኩም።

በ74ኛው ዘፈኑ ቆመ።

ስታዲየም ሙሉ ሰው በአንዴ ዝም ሲል ማዳመጫው የሞተ ይመስላል። ወንድሜ የሚለውን ከሦስት ደቂቃ በፊት ብሎ ጨርሷል። መዝጋቢው ላከ፦ 21 ቁጥር ወደቀ፣ ንክኪ የለም።

ሥራ ሥራ ነውና ጻፍኩ። «በ74ኛው ደቂቃ፣ ተቀይሮ የገባው የቀኝ መስመር ተጫዋች ማንም ሳይነካው ወደቀ። ሆስፒታል እንደደረሰ ሕይወቱ ማለፉን ክለቡ አስታውቋል።» አለቃዬ ዘገባውን ሲያይ ከዚያ በላይ ያለውን መስመር በጣቱ ነካ።

«14 በደረት ሕመም ወጣ ይላል። ምንጭ?»

«መዝጋቢው ልኳል። ሐኪሙም ብሏል።»

«ጥሩ። የተረጋጋ ዘገባ ነው» ብሎ ፈረመበት። ሁለት ምንጭ ነበረው፤ ሁለቱም እኔ ነበርኩ።

ወንድሜ አመሻሽ ላይ ደወለ። ድምፁ ጎርንኖ ነበር። «የወደቀውን ልጅ መልክ አይቼዋለሁ እኮ» አለኝ። «መጀመሪያ ስናገርም ያየሁት እሱኑ ነው፣ 21 ቁጥሩን። የእኛ ልጅ ዳር ቆሞ ነበር። የቀኝ መስመሩ ማለት ለምዶብኝ ቁጥሩን ሳልጠራ ቀረሁ።»

ማታ ልጄ የክለቡን ጃኬት እንደለበሰ ቤት ገባና ከፊቴ ቁጭ አለ። ዓይኑ አብጧል። እጁን ልይዘው ስል ቀስ ብሎ ሰበሰበው።

«እማዬ» አለኝ፣ «ደረቴን ያመመኝ መቼ ነው?»