ሩቅ ካለ ሰው ጋር ያጫውታል?

«የትኛው ይሻላል?» ለሚል ሰው ቀጥታ መልስ የለም። ይህን ከጌም ዕቃ ሻጯ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ቀኑን ሙሉ ከባንኮኒው ጀርባ ቆማ የምትሰማው ይህንኑ ጥያቄ ነውና። ስለዚህ ዋጋ ከመጥራቷ በፊት ሁሌም መልሳ ትጠይቃለች፦ «ማን ነው የሚጫወትበት? ከማን ጋር? ምን ጨዋታ?» መልሱን ሳትሰማ ወደ መደርደሪያው አትዞርም። የሱቁ ባለቤት «ደንበኛ አትመርምሪ፣ ሽጪ» እያለ ይነጫነጭባታል። እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለች፤ የሸጠችው ዕቃ ተመልሶ መጥቶባት አያውቅማ።

ይህችው ሴት ናት እንግዲህ በገዛ ቤቷ ጉድ የሆነችው።

ነገሩን የጀመረው አባቷ ነው። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። አንድ ቀን እራት ላይ ማንኪያውን አስቀመጠና፣ «ጌም የሚያጫውት ዕቃ መግዛት ፈልጌ ነበር» አለ። ከዚያ ያለውን ገንዘብ ተናገረ። ለዕቃው ትንሽ ነበር፤ ለእሱ ግን ያለው ሁሉ ያው ነው።

ልጅቷ አባቷን አላየችም። ያየችው ወንድሟን ነው።

ወንድሟን ሰፈሩ «ኢንጂነሩ» ይለዋል። ትምህርቱን ጀምሮ ስለተወው ነው እንጂ ስለጨረሰው አይደለም። ሥራ ከፈታ ቆይቷል፤ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚል ዓይነት ሰው ነው። አሁንም ማንም ሳይጠይቀው፣ «ኮምፒውተር ነው የሚገዛው አባዬ! ኮንሶል እኮ ጌም ብቻ ነው። በኮምፒውተር ሥራም ይሠራበታል፣ ትምህርትም ይማሩበታል» አለ።

እህቱ ቱግ አለች። ነገሩ የገባት መሰላት። ይሄ ሥራ ፈት ሽማግሌውን አባብሎ የጡረታ ቁጠባውን ሊበላ ነው! አባቷ ደግሞ ለልጁ እምቢ ማለት አያውቅበትም። የአባቷ የልብ ወዳጅ የሆኑት ሽማግሌ ከሴት ልጃቸው ጋር ሊኖሩ ወደ ሌላ ከተማ ከሄዱ ወዲህ ደግሞ እምቢም እሺም ማለቱን ትቷል። ሁለቱ ዕድሜ ልካቸውን ማታ ማታ እየተሰዳደቡ ዳማ ሲጫወቱ የኖሩ ሰዎች ናቸው። አሁን የዳማው ሰሌዳ ቁም ሳጥን ላይ ወጥቷል፣ አባቷም መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ያለፈ ያገደመውን ይቆጥራል። ሲያናግሩት «እህ» ይላል። ይህ ዝምታው ሌት ተቀን ያንገበግባታል፤ በዚህ ላይ ገንዘቡም ከሄደ ምን ሊቀረው ነው?

«ሥራ ይሠራበታል?» አለች ወንድሟን። «ማን? አንተ?»

«ንግግርሽን አሳምሪ። ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር እንገዛለን፣ የጨዋታውን ምስል የሚያወጣ ግራፊክስ ካርድ እንጨምርበታለን፣ ስክሪኑ ቴሌቪዥኑ ይሆናል። አለቀ።»

«አለቀ? የቢሮ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላዩ ደህና ካርድ የሚሸከም መሰለህ? ለካርዱ የሚሆን ገመድ እንኳ የለውም። በዚህ ገንዘብ የምታገኘው ካርድ ደግሞ የዘንድሮን ጨዋታ እንደ ስላይድ እየቆራረጠ ነው የሚያሳይህ። ከዚያ ሚሞሪ ጨምሩልኝ፣ ከዚያ ኪቦርድ፣ ከዚያ ጆይስቲክ...»

«ጌሙ ግን ቅናሽ ሲኖር በርካሽ ይገኛል። በኢንተርኔት ለመጫወትም ወርኃዊ ክፍያ የለውም። ኮንሶልሽ እኮ ዕቃውን ከሸጠልሽ በኋላም በየወሩ እጁን የሚዘረጋ ነገር ነው።»

ይሄስ እውነት ነበር፤ እውነት መሆኑ ይበልጥ አናደዳት። «ኮንሶል ግን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክተህ ትጫወታለህ» አለች። «ያገለገለ ዲስክ በርካሽ ትገዛለህ፣ ሲሰለችህ መልሰህ ትሸጣለህ። ባለ ትንሽ ብር ሰው ይሄን ነው የሚገዛው። ደግሞ ‹ሥራ እየሠራሁ ነው› ብለህ ማንንም አታታልልበትም።»

አባቷ ሁለቱንም በየተራ ሲያይ ቆይቶ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሩቅ ካለ ሰው ጋር... ያጫውታል?»

«ሁሉም ያጫውታል አባዬ» አለች ዞር ሳትል፤ ወንድሟ ላይ ጣቷን እንደቀሰረች ነበር።

በዚህ ዓይነት ጭቅጭቁ ሳምንታት ፈጀ። ቁርስ ላይ ግራፊክስ ካርድ፣ እራት ላይ ግራፊክስ ካርድ። ወንድምየው የዋጋ ዝርዝር በስልኳ ይልክባታል፤ እሷ ሥራ ላይ ሆና «ይሄ ካርድ የተቃጠለ ነው፣ ፎቶውን አይተኸዋል?» ብላ ትመልሳለች። በመሃል አባቷ ሁለት ጊዜ ያንኑ ጥያቄውን አነሳ። «ሩቅ ካለ ሰው ጋር...» «አዎ አልኩህ እኮ!» ከዚያ በኋላ ጠይቋት አያውቅም።

በመጨረሻ ሱቅ ድረስ ራሱ መጣ፣ ገንዘቡን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና «አንቺ ያልሽውን ስጪኝ» አለ። እሷም ድል አደረገች! የድሮው ሞዴል፣ ያገለገለ ግን ንጹሕ፣ ሁለት ጆይስቲክ ያለው ኮንሶል አወጣች። አዲሱ ሞዴል ከአቅም በላይ ነው። ከመደርደሪያው የተኩስ ጨዋታ ልታወርድለት ስትል አባቷ፣ «የእግር ኳሱን ነው። የአምናውን» አለ። አነሳችለት። «የኢንተርኔት ክፍያዋንም ጨምሪልኝ» አለ ደግሞ። ወንድሟ ያስጠናው መስሏት ከንፈሯን ነክሳ ጨመረች። ማንኛውም ሌላ ደንበኛ ቢሆን ኖሮ «ከማን ጋር ነው የሚጫወቱት?» ባለችው ነበር።

በማግሥቱ ከሥራ ስትመለስ የአባቷን ድምፅ ከደጅ ሰማች። ይጮሃል። ከስንት ጊዜ በኋላ! እየሮጠች ገባች።

አባቷ ቴሌቪዥኑ ፊት ወንበር ስቦ ተቀምጧል፣ በአንድ እጁ ጆይስቲክ፣ በሌላው ስልክ። ወንድሟ ጥግ ይዞ አገጩን በመዳፉ ደግፏል።

«አንተ ደንቆሮ፣ ጠርቼሃለሁ እኮ! ስምህን አየዋለሁ፣ ጨዋታው ውስጥ ስፈልግህ ግን የለህም!» ይላል አባቷ በስልኩ።

«እኔም እየጠራሁህ ነው!» ይላል የስልኩ ድምፅ። «አንተ ነህ የሌለኸው። አውቶቡስም ስትነዳ መንገድ ትስት ነበር!»

ልጅቷ ድምፁን አወቀችው። ባለ ዳማው ወዳጅ ናቸው።

«ይሄ ነገር ለኔ አይደለም ለካ» አለ ወንድሟ በቀስታ። «አካውንቱን እንኳ በራሱ ስም ነው ያስከፈተኝ።»

አሁን ነገሩ ገባት። ዕቃው መጀመሪያም ለወንድሟ አልነበረም። ሰውየው ሴት ልጃቸው ቤት በኮንሶል ኳስ መጫወት ለምደው «ና ልግጠምህ» ብለውታል፤ አባቷ በዚህ ዕድሜው ጌም አማረኝ ማለቱ አሳፍሮት በሆዱ ይዞት ነበር የከረመው። የቻለውን ያህል ግን ጠይቋል። ለማታውቀው ሰው ሁሉ በትዕግሥት የምትመልሰውን፣ ለእሱ በጀርባዋ ነበር የመለሰችለት። ራሷን በጥፊ ብትመታ ደስ ይላት ነበር።

አባቷ አያትና ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አኖረ። «አይሆንም መሰለኝ ልጄ» አለ። ያ የመስኮቱ ሥር ድምፁ ተመለሰ። «እህ... ይቅር። ተይው።»

«አይቀርም!» ብላ ስልኩን ቀማችው። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ። የእርስዎ ኮንሶል ምን ይመስላል?»

«ነጭ ነው። ረጅም፣ የቆመ።»

የፈራችው ነው፤ አዲሱ ሞዴል። የእግር ኳሱ ጨዋታ ለየሞዴሉ ለየብቻ የተሠራ ነው፤ ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ የድሮው ሞዴል ጨዋታ ከአዲሱ ጋር ሜዳ ላይ አይገናኝም። አዲሱን ሞዴል የመግዣ ገንዘብ ደግሞ የለም። እሷም የላትም።

«ኮምፒውተሩ ከአዲሱ ጋር ይገጥም ነበር» አለ ኢንጂነሩ ከጥግ። «ብያለሁ።»

«ያንተ ኮምፒውተር ጨዋታውን ሳይከፍተው ነው የሚገጥመው? ዝም በል!» ከዚያ ግን ራሷን ያዘችና አሰበች። አዲሱ የድሮውን ማጫወት ይችላል! «ጋሼ፣ ጨዋታውን በዲስክ ነው የገዛችሁት ወይስ በኢንተርኔት?»

«ልጄ በስልኳ ናት የከፈለችው። ዲስክ የሚባል አላየሁም።»

«እሰይ! እንግዲያው የድሮውም ቅጂ የእርስዎ ነው፣ አብሮ የተሸጠ ነው። የአምናው ነው አይደል? የጨዋታው ሥዕል ላይ ይቁሙ። ‹ተጫወት› ከሚለው ጎን ሦስት ነጥቦች አሉ፤ እነሱን ይጫኑ።»

«ነጥብ የለም።»

«አሉ ጋሼ። ከጎን።»

«የቱ ጎን? ... ውይ። ጠፋ።»

«ምኑ?»

«ሁሉም።»

ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። ሱቅ ውስጥም ቢሆን ባለቤቱ ለዚህ ትዕግሥት ደመወዝ አይጨምርላትም። አባቷ በበኩሉ ከጎኗ «ይሄ ሰውዬ ዓይኑ ድሮም ጤነኛ አይደለም» እያለ ይጮሃል፣ የስልኩ ድምፅ «ንገሪው ዝም ይበል!» ይላል። እንደገና አስከፈተቻቸው። እንደገና አጠፉት። ነጥቦቹን ሲያገኙ ደግሞ ጨዋታውን ሊሰርዙት ሲሉ ደረሰችባቸው። ስልኩን ግን አልዘጋችም። በመጨረሻ የድሮው ሞዴል የሚለውን መረጡና ጨዋታው መውረድ ጀመረ።

«እስከ ነገ ይጨርሳል» አለቻቸው።

«ነገ» አሉ ሰውየው። «ንገሪው፣ ነገ ነው የሚዋረደው።»

በማግሥቱ የሱቁን ባለቤት አስፈቅዳ ቀደም ብላ ወጣች። ስትደርስ ጨዋታው ተጀምሯል። ኢንጂነሩ ከአባቱ ጎን ቁጭ ብሎ «ክብ ያለበትን ተጫን! ክቡን!» ይላል፤ አባቷ ግን ጆይስቲኩን እንደ አውቶቡስ መሪ በሁለት እጁ ጨብጦ ከኳሱ ጋር ወንበሩ ላይ ይዞራል። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ከወዲያ ማዶ እንደ ድሮው ስድብ ይዘንባል። ግብ ገባበት። ወዲያው ሌላ ገባበት። የአባቷ ተከላካይ ኳሱን በገዛ መረቡ ሲከት፣ ሽማግሌው ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ይሄ ዕቃ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ችግሩ ዕቃው ነው! ያቺ ሻጭ አታለለችኝ! ለገዛ አባቷ የማይታዘዝ ዕቃ ሸጠች!»

ልጅቷ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«መልስላታ!» አለ ስልኩ እየሳቀ። «ገንዘቤን ስጪኝ በላት!»

አባቷ ዞር ሲል አያት። ሳቁን ዋጥ አደረገና ጆይስቲኩን ሊነጥቁት እንደመጡ ሁሉ ወደ ደረቱ አስጠጋው።

«አልመልስም» አለ።