ሰሙ ክሩን አይዝም

ሥራው አንድ ነው፤ ሁለት ሰዎች ቀርበውለታል። ሞጣ ካለ አንድ ኮሌጅ የፕሮግራሚንግ መምህር ይፈለጋል። የመምሪያው ኃላፊ ወይዘሮ አስናቀች ከፈተና ወረቀት ይልቅ ጨዋታ አዘዘች። እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ሥዕል የሌለው፣ ሁሉ ነገሩ በአማርኛ ጽሑፍ የሆነ ጨዋታ ሠርቶ ይመጣል። ኮምፒውተሩ ተጫዋቹ የት እንዳለና ምን እንደሚያይ ይጽፋል፤ ተጫዋቹም «በሩን ክፈት»፣ «ገመዱን አንሳ» እያለ ይመልሳል። ጨዋታውን አይቶት የማያውቅ ሰው በአርባ ደቂቃ ውስጥ ከጨረሰው ሠሪው አለፈ። ሠሪው አንዲት ቃል ከተነፈሰ ግን ወደቀ።

የአንደኛው ተወዳዳሪ የሽመክት ጨዋታ ጠዋት ተሞክሮ በአርባ ደቂቃ አላለቀም። የቀረችው አምሳለች ናት።

አምሳለች ቢቸና ውስጥ በኮንትራት መረጃ ጸሐፊነት አምስት ዓመት ሠርታለች። ኮንትራቱ በዚህ ወር ያበቃል፤ እንደማይታደስም ተነግሯታል። ወደ ሞጣ ስትመጣ አባቷ መሪጌታ ገብረ ክርስቶስ «ይህን ሥራሽን አንድ ቀን ልየው» ብለው አብረዋት ተሳፈሩ። አሁን ከኋላው ወንበር ላይ፣ በትራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው ተቀምጠዋል።

ጨዋታውን ልትሞክር የተጠራችው ነርስ ምጥ የያዛት ሴት መጥታባት እንደቀረች በስልክ ተነገረ። አስናቀች ክፍሉን ቃኘች። ሁሉም ጠዋት ስለ ጨዋታዎቹ ሲያወሩ የነበሩ መምህራን ናቸው። ዓይኗ ሽማግሌው ላይ ቆመ።

«አባታችን፣ እርስዎ ይህን ጨዋታ አይተውት ያውቃሉ?»

«የት አይቼው?»

«እንግዲያው እርስዎ ይጫወቱ።»

መሪጌታ ፕሮጀክተሩ ያበራበትን ግድግዳ አይተው ደስ አላቸው። «ለልጄ ከሆነማ! ግን ሰው እንጂ ግድግዳ አነጋግሬ አላውቅም።»

ክፍሉ ሳቀ። አምሳለች «አባቴ እኮ...» ብላ ስትነሣ አስናቀች ሰዓቷን አሳየቻት። «ጀምረናል። ከዚህ በኋላ ቃል የለም። ሽመክት፣ አንተ ጻፍላቸው። የሚሉትን እንዳለ፤ አትጨምር፣ አትቀንስ።»

«እንዴት እጨምራለሁ!» አለ ሽመክት፣ ወንበሩን ወደ ኪቦርዱ እየሳበ።

ግድግዳው ላይ ጽሑፍ በራ። *የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ውስጥ ተቆልፎብሃል። ከወለሉ ሥር የሚወርድ ጨለማ መተላለፊያ አለ። ጥግ ላይ ፍም ያለበት ማንደጃ ይታያል።*

መሪጌታ ሁሉን በጥሞና አነበቡ። መደርደሪያውን ተመለከቱ፤ የሰም ድቡልቡል፣ የጥጥ ክርና የሸክላ ገል አገኙ። ሁሉንም አነሡ። ወደ መተላለፊያው ለመውረድ ሲሞክሩ *ያለ ብርሃን አትወርድም* አላቸው። አሥር ደቂቃ እንኳ አልሞላም።

«ይኸማ ጧፍ ሥራ ማለቱ ነው» አሉ ዞር ብለው። ፊታቸው በራ። ቢቸና ያሉ ተማሪዎቻቸው የሚያነቡበትን ጧፍ አርባ ዓመት ሙሉ በእጃቸው ሠርተዋል። «ልጄ አባቷን አስባ ነው የጻፈችው። በል ልጄ፣ ጻፍ። ሰሙን በእጅ አሙቅ።»

ሽመክት ጻፈ። *ይህ አይሆንም።*

«እንዴት አይሆንም? ፍሙ አጠገብ አሙቅ በለው።»

*ይህ አይሆንም።*

«እሺ፤ ሳይሞቅም ቢሆን ይታሻል። ሰሙን በክሩ ላይ ጠቅልል።»

*ሰሙ ክሩን አይዝም።*

መሪጌታ ጽሑፉን ደግመው አነበቡ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ያህል፣ «ይይዛል እኮ» አሉ።

አምሳለች እጆቿን ጭኗ ሥር ቀበረች። መጋቢት ላይ እንቆቅልሹን መጀመሪያ ስትጽፈው ልክ እንደ አባቷ አሠራር ነበር፤ ሰሙን አሙቅ፣ ክሩ ላይ ጠቅልል፣ ጧፍ ሆነ። ግን በሁለት ትእዛዝ አለቀባት። ገሉ ያለ ሥራ ቀረ። ስለዚህ ሰሙ ገል ላይ፣ ገሉ ፍም ላይ ተደርጎ ቀልጦ፣ ክሩ እንዲነከርበት ለወጠችው። አቋራጩንም በአንድ መስመር ዘጋችው፦ *ሰሙ ክሩን አይዝም።* ውሸት መሆኑን ስትጽፈው ታውቅ ነበር። ተጫዋቹ ሌላ መንገድ ይፈልጋል ብላ አሰበች። አንዴ «አይዝም» የተባለ ሰው ስለ ሰምና ክር ማሰቡን ጭራሽ እንደሚተው አላሰበችም።

መሪጌታም ተዉት። በሩን መቱ፤ ጮኹ፤ ፍሙን በበትር ሊያነሡ ሞከሩ። *በትር የለህም።* «ይኸው ይዤ!» ብለው በትራቸውን ወደ ግድግዳው ሲያነሡ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«አባታችን፣ እሱን አያየውም» አለ ሽመክት በትሕትና። «ምን ብዬ ልጻፍ?»

ሃያ አምስት ደቂቃ ሆነ።

«አምሳለች» አሉ ወደ እሷ ዞረው። «አንቺ እንኳ ስሠራ አይተሽኛል። ክሩን ትይዢልኝ አልነበር? ምን አጠፋሁ?»

አምሳለች ወለሉን አየች።

«ልጅቱን አያናግሯት፤ ካናገረችዎት ትወድቃለች» አለች አስናቀች። ከዚያ ወደ አምሳለች፦ «ወይም ንገሪያቸውና እንገላገል። ምርጫው ያንቺ ነው።»

ሁሉም አምሳለችን ተመለከተ። አልተናገረችም።

መሪጌታ ነጠላቸውን ሰበሰቡ። «ረስቼው ይሆናል» አሉ ለክፍሉ ሰው። «ሰው ሲያረጅ እጁም ይረሳል። ይቅርታ አድርጉልኝ።» ከኋላ የሆነ ሰው አፉን በእጁ ይዞ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ማሰብ ትተው መሞከር ብቻ ጀመሩ። «ያለውን ሁሉ ባለው ሁሉ ላይ አድርግ።»

«አንድ በአንድ ነው የሚሉኝ፣ አባታችን።»

«ክሩን ገሉ ላይ። ክሩን ፍሙ ላይ።» *ክሩ ሊቃጠል ነው፤ ተወው።* «ገሉን በሩ ላይ። ሰሙን በሩ ላይ። ሰሙን ገሉ ላይ።»

*ሰሙን ገሉ ላይ አደረግህ።*

«ገሉን ክሩ ላይ። ገሉን ፍሙ ላይ።»

*ሰሙ እየቀለጠ ነው።*

«ክሩን ሰሙ ላይ» አሉ፣ የተረዱ ሳይመስሉ። *ክሩን ነከርህ። ጧፍ ሆነ።* በሠላሳ ሰባተኛው ደቂቃ ለኮሱት፤ ወርደው ወጡ። ግድግዳው ላይ *ነፃ ነህ* የሚል ተጻፈ። ማንም አላጨበጨበም።

አስናቀች የትእዛዞቹን ዝርዝር አትማ በእስክሪብቶ እያሰመረች አነበበች።

«አልቋል። ግን ሁሉን በሁሉ ላይ አድርጎ የተፈታ እንቆቅልሽ ተፈታ አይባልም። ተጫዋቹ ስቶ ከሆነ ጥፋቱ የተጫዋቹ ነው። ልክ ሆኖ ሳለ ከተከለከለ ግን ጥፋቱ የሠሪዋ ነው፤ ወደቀች ማለት ነው።» ቀና አለች። «አባታችን፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ጧፍ በእጅ ታሽቶ ይሠራል?»

መሪጌታ ልጃቸውን አዩ። አምሳለችም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብላ አየቻቸው። ዓይኗ ይለምን ነበር።

«አይሠራም» አሉ። «ገል ላይ ቀልጦ፣ ክሩ ተነክሮ ነው። እኔ ነኝ የሳትሁት።»

«አርባ ዓመት ሠርቻለሁ ብለው አልነበር?» አለ ሽመክት።

«ስሠራ የኖርሁት ተሳስቼ ነው።»

አስናቀች ለረጅም ጊዜ አየቻቸውና ወረቀቱ ላይ ፈረመች። «ሰኞ ሥራ ትጀምሪያለሽ። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ጨዋታውን ለተማሪ ነው የምንሰጠው፤ አንዳንዱ እንዳባትሽ ሰሙን በእጁ ሊያሽ ይሞክር ይሆናል። መልሱ ይስተካከል? መንገዱ ይከፈትለት?»

መሪጌታ በሩ ጋ ደርሰው ቆመዋል። እየሰሙ ነው።

«አያስፈልግም» አለች አምሳለች። «በእጅ አይሠራም።»

ሽማግሌው እንደ ተማሪ ራሳቸውን ነቅንቀው ተስማሙና ወጡ።